ከርዳዳ ፀጉርን በፎቶ መለየት፦ ጥቅሉ፣ የዘለላው ውፍረትና የብዛቱ ጉዳይ

«ፀጉሬ ምን ዓይነት ነው? ምን ልቀባው?» የሚል ጥያቄ ከአንድ ፎቶ ጋር ሲመጣልን ፎቶው ሦስት ነገር እንዲነግረን እንፈልጋለን። ጥቅሉ ምን ያህል ጠባብ ነው? አንዱ ዘለላ ምን ያህል ወፍራም ነው? ዘለላዎቹስ ምን ያህል ብዙ ናቸው? ሦስቱ ግን እኩል አይታዩም። ጥቅሉን ፎቶ በደንብ ያሳያል። ብዛቱን ያሳያል፣ ግን ያታልላል። የዘለላውን ውፍረት ተራ ፎቶ ጭራሽ አያሳይም። ችግሩ ደግሞ ምን ዓይነት ቅባት፣ ምን ያህል ይቀባ የሚለውን ከሁሉም በላይ የሚወስነው ይኸው የማይታየው ውፍረት መሆኑ ነው።

ለምን እንደማይታይ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። የአንድ ፀጉር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ነው፤ 1 ሚሊሜትር 1000 ማይክሮን ነው። ጎኑ 4000 ፒክስል የሆነ የስልክ ፎቶ 20 ሴንቲሜትር የሚሆን ጭንቅላት ሲይዝ ለአንድ ሚሊሜትር የሚደርሰው 20 ፒክስል ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ፒክስል 50 ማይክሮን ይሸፍናል፤ ቀጭኑ ፀጉር አንድ ፒክስል፣ ወፍራሙ ሁለት ፒክስል ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ላይ ካሜራው ምስሉን ለማሳመር ጠርዙን ያጎላል፣ መልእክት መላኪያውም መጠኑን ይቀንሰዋል። ከእንዲህ ያለ ፎቶ ተነስቶ «ዘለላሽ ወፍራም ነው» የሚል ሰው ያየው የፀጉሩን ግዝፈት እንጂ ዘለላውን አይደለም።

ስለዚህ ከአንድ ፎቶ ይልቅ አራት እንጠይቃለን፦ ጭንቅላቱ ከኋላና ከጎን የሚታይበት፣ አናት ላይ ፀጉሩ ተከፍሎ ቆዳው የሚታይበት፣ አንድ ጥቅል ከማስመሪያ ጋር፣ እና አንድ ነጠላ ዘለላ በቅርብ። ከመነሳቱ በፊት ፀጉሩ በሻምፖ ታጥቦ፣ ምንም ሳይቀባና ሳይጎነጎን፣ ሳይበጠርም ራሱን ችሎ መድረቅ አለበት። ብርሃኑ ከመስኮት የሚመጣ የቀን ብርሃን ይሁን፤ ፍላሽ ቆዳውን ስለሚያበራው ፀጉሩ የሳሳ ያስመስለዋል። ፊት የሚያለሰልሰውና ከኋላ ያለውን የሚያደበዝዘው የስልክ ሁነታ ሁለቱም ይጥፉ። የሚያደበዝዘው ሁነታ በተለይ ከጫፍ ወጣ ወጣ ያሉትን ዘለላዎች ከጀርባው ጋር ቆርጦ ይጥላቸዋል፤ ለእኛ የሚያስፈልጉት ደግሞ እነሱ ናቸው። ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ።

ጥቅሉን መለካት

ብዙ ሰው የሚያውቀው አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የፀጉር ባለሙያው አንድሬ ዎከር ያስተዋወቀው ነው። 1 ሉጫ፣ 2 ሞገድ ያለው፣ 3 ጥቅልል፣ 4 ከርዳዳ ሲሆን ከቁጥሩ ጎን ፊደል ይጨመራል። ዛሬ ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው 4ሲ መጀመሪያ አልነበረም፤ ተጠቃሚዎች ኋላ ላይ የጨመሩት ነው። ይህ አከፋፈል ለመግባባት ይረዳል፤ ለመለካት ግን አያገለግልም። አንዱ 4ኤ ያለውን ሌላው 3ሲ ይለዋል፣ ሁለቱም ተሳስተሃል አይባሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሰፊ ጥናት የጥቅሉን ስፋትና የጥምዙን ብዛት ለክቶ የሰውን ፀጉር በስምንት ደረጃ ከፍሎታል። እኛም በሥራችን የምንከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ ፊደሉን ከመጻፋችን በፊት የጥቅሉን ስፋት በሚሊሜትር እንጽፋለን።

አለካኩ ቀላል ነው። ከማበጠሪያ ላይ የቀሩ ወይም ሲታጠብ የረገፉ ዘለላዎች ይሰብሰቡ፤ ከአናት፣ ከግንባር፣ ከጎንና ከማጅራት አምስት አምስት ቢሆኑ ይበቃል፤ የየትኛው ቦታ እንደሆኑ ግን ተለይተው ይቀመጡ። ነጭ ወረቀት ላይ ጣል አድርጎ በውሃ ማርጠብና ሳይጎትቱ እንዲደርቁ መተው፣ ከዚያ ማስመሪያ ከጎናቸው አስቀምጦ ከላይ ቀጥ ብሎ ፎቶ ማንሳት። ስክሪኑ ላይ አጉልቶ አንዱ ክብ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ የማስመሪያውን ስንት መስመር እንደሚያቋርጥ መቁጠር ነው። ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር የሚሆነውን 3ቢ፣ ከ7 እስከ 10 የሚሆነውን 3ሲ፣ ከ4 እስከ 6 የሚሆነውን 4ኤ እንለዋለን። ከዚያ በታች ክቡ እየጠበበ ሄዶ ዘለላው እንደ ዜድ እየተሰበረ የሚታጠፍ ከሆነ 4ቢ ነው፤ ሳይቀባ ምንም ቅርጽ የማይለይበት ከሆነ 4ሲ። እነዚህ ድንበሮች ለሥራ እንዲመቹ ያስቀመጥናቸው ናቸው፤ በ6 እና በ7 ሚሊሜትር መካከል ያለ ሰው የሚቀባው አይቀየርም።

በዚህ ደረጃ ደጋግሞ የሚያሳስተን የተጎነጎነ ፀጉር ነው። ትናንት ሁለት ሁለት ተጠቅልሎ አድሮ ዛሬ የተፈታ ፀጉር በፎቶ ላይ የሚያምር ሰፊ ሞገድ ያሳያል፤ ሞገዱ ግን የጉንጉኑ እንጂ የፀጉሩ አይደለም። ለመለየት ከቆዳው የሚነሳውን የመጀመሪያውን አንድ ሴንቲሜትር ማየት ነው። ጉንጉን እዚያ ድረስ አጥብቆ ስለማይደርስ ሥሩ የራሱን ጥቅል እንደያዘ ይቀራል። ሞገዱ በሁሉም ዘለላ ላይ በእኩል ስፋት እየተደገመ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የሰው እጅ እንዳለበት ያስታውቃል፤ በራሱ የተጠቀለለ ፀጉር እንዲህ ሥርዓት አይጠብቅም። ከዚህ ተቃራኒው፣ ሥሩ ጠባብ ጥቅል ሆኖ ጫፉ ታጥቦም ቀጥ ብሎ የሚቀር ከሆነ፣ በመተኮሻ የተጎዳ ነው። ያ ጫፍ በቅባት አይመለስም፤ የሚለካው ሥሩ ብቻ ነው።

እርጥብ ፀጉርም አይለካም። ውሃ ጥቅሉን የሚይዘውን የሃይድሮጂን ትስስር ይፈታዋል፣ በክብደቱም ወደ ታች ይስበዋል። ስለዚህ 4 ሚሊሜትር የሆነው ጥቅል እርጥብ ሳለ ሰፋ ብሎ ይታያል።

ውፍረቱን መለካት

አራተኛው ፎቶ የሚነሳው ለዚህ ነው። ዛሬ ብዙ ስልኮች በጣም ቀርቦ የሚያነሳ የማክሮ ሁነታ አላቸው፤ ወደ 3 ሴንቲሜትር የሚሆን ስፍራ ሙሉውን ፎቶ እንዲሞላ አድርገው ያነሳሉ። 4000 ፒክስል ለ30 ሚሊሜትር ሲካፈል ለአንድ ሚሊሜትር 133 ፒክስል ይደርሳል። አሁን 50 ማይክሮን የሆነው ዘለላ ወደ 7 ፒክስል፣ 90 ማይክሮን የሆነው 12 ፒክስል ይሆናል። ከመደብዘዝ የሚመጣው ስሕተት አንድ ሁለት ፒክስል ስለሆነ ትክክለኛውን ቁጥር ባናገኝም ቀጭን፣ መካከለኛና ወፍራም ብሎ ለመለየት ይበቃናል። ከ60 ማይክሮን በታች ቀጭን፣ ከ60 እስከ 80 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ወፍራም እንላለን። ማስመሪያው እዚያው ፎቶ ውስጥ መኖር አለበት፤ ያለ እሱ ስንት ፒክስል አንድ ሚሊሜትር እንደሚሆን የሚታወቅበት መንገድ የለም። ጥቁር ፀጉር በነጭ ወረቀት፣ ሽበት በጥቁር ወረቀት ላይ ይሁን።

ከርዳዳ ፀጉር ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ዘለላው ሲቆረጥ ክብ አይደለም፤ እንደ ጥብጣብ ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ በየቦታውም በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። ስለዚህ አንዱ ዘለላ አንዱ ቦታ ላይ በሰፊው ጎኑ፣ ጥቂት ዝቅ ሲል በጠባቡ ጎኑ ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተለካ ያው ፀጉር ወፍራምም ቀጭንም ሊባል ይችላል። አምስት ቦታ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ያስፈልጋል። ስንለካ የምናያቸው እነዚያ የጠበቡ ጥምዞች ለሌላም ነገር ይጠቅሙናል፦ ፀጉሩ ሲሰበር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ማክሮ የሌለው ስልክ ያለው ሰው በፎቶ ከሚገምት በጣቱ ቢሞክር ይሻላል። አንድ ንጹሕ ደረቅ ዘለላ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ማሽከርከር ነው። መኖሩ ካልታወቀ ቀጭን ነው፤ እንደ ክር በግልጽ ከተሰማ ወፍራም። ይህ ብልሃት ከብዙ ካሜራ ይበልጣል።

ብዛቱ ለምን ያታልላል

በፎቶ ላይ «ብዙ ፀጉር» ሆኖ የሚታየን ነገር የዘለላዎቹ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ፣ ውፍረቱና ጥቅሉ ተደባልቀው ነው የሚታዩን። ጠባብ ጥቅል እያንዳንዱን ዘለላ ከጎረቤቱ ያርቀዋል፣ ፀጉሩም ተነፍቶ ይቆማል። ሳሳ ያለ 4ቢ ፀጉር ከብዙ ሉጫ ፀጉር በላይ ገዝፎ ሊታይ ይችላል። ውፍረቱም እንዲሁ ነው። ቁጥራቸው እኩል የሆነ ሁለት ራሶች ብናስብ፣ የአንዱ ዘለላ 50፣ የሌላው 80 ማይክሮን ቢሆን፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ ሲታሰር የሁለተኛው እስር ዙሪያ 1.6 እጥፍ ይሆናል። የታሰረው ዙሪያ ከ5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ሳሳ ያለ፣ ከ10 በላይ ከሆነ ብዙ የሚባለው የተለመደ መለኪያ ቀጭን ዘለላ ያላቸውን ሁልጊዜ ሳሳ ያሉ የሚያደርገው ለዚህ ነው። ባለ 5 ሴንቲሜትሩ ቀጭን ፀጉርና ባለ 8 ሴንቲሜትሩ ወፍራም ፀጉር የዘለላቸው ቁጥር አንድ ነው።

ስለዚህ ብዛቱን ከሥሩ እናየዋለን። አናት ላይ ከጆሮ ወደ ጆሮ በማበጠሪያ ጭራ ቀጥ ያለ መስመር ከፍሎ፣ ግራና ቀኙን በእጅ ተጫን አድርጎ፣ ስልኩን 25 ሴንቲሜትር ያህል ከላይ በቀጥታ ይዞ ማንሳት ነው። ማስመሪያ ከመስመሩ ጎን ይቀመጥ። የሚታየው ቆዳ ስፋት እስከ 2 ሚሊሜትር ከሆነ ብዙ፣ ከ3 እስከ 5 መካከለኛ፣ ከ6 በላይ ሳሳ ያለ ብለን እንይዛለን። ይህ የላብራቶሪ መለኪያ ሳይሆን ለሥራችን ያበጀነው ምልክት ነው፤ ከሌላ ሰው ጋር ለማወዳደር ሳይሆን ያንኑ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ከራሱ ጋር ለማወዳደር ይበልጥ ይረዳል። መስመሩ ሁልጊዜ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ከሆነ ፀጉሩ ወደ ግራና ቀኝ መተኛት ስለለመደ ሰፋ ብሎ ይታያል፤ ከዚያ ሁለት ሴንቲሜትር ፈቀቅ ብሎ መክፈል ነው። የቆዳና የፀጉር ቀለም ልዩነትም ያሳስታል፦ ጥቁር ፀጉር ጠይም ቆዳ ላይ የተሸፈነ ይመስላል፣ ሽበት ደግሞ ነጣ ያለ ቆዳ ላይ መስመሩን ይደብቀዋል።

ይህ ፎቶ ከእንክብካቤ ያለፈ ነገር የሚያሳይበትም ጊዜ አለ። አናት ላይ መስመሩ እየሰፋ ሄዶ ቆዳው ለስላሳና የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ፀጉር የሚበቅልባቸው ቀዳዳዎች ካልታዩ፣ ከማሳከክና ከማቃጠል ጋር ከሆነ ደግሞ ይበልጥ፣ ጠባሳ ትቶ የሚሄድ የፀጉር መርገፍ ሊሆን ይችላልና ያ ሰው ቅባት ሳይለውጥ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ አለበት። በግንባርና ከጆሮ በላይ ባለው ጎን ሳስቶ ዳር ዳሩን ግን ቀጭን የፀጉር ጠርዝ ከቀረ፣ ተጎትቶ በሚሠራ ሹሩባ የመጣ ነው፤ ሹሩባው ካልቆመ ምንም ቢቀባ ለውጥ የለውም። ከወሊድ ወይም ከከባድ ትኩሳት ሁለት ሦስት ወር በኋላ ሥሩ ላይ ነጭ ነጥብ ይዞ የሚረግፍ ፀጉር ደግሞ ሌላ ነው። እነዚህን ሦስቱን «ሳሳ ያለ ፀጉር» ብሎ መዝግቦ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው።

አንድ ፀጉር ከነመለኪያው

የሚከተለው በብዛት የሚደርሰን ዓይነት ነው። አንዲት ሴት ከፊት የተነሳች አንድ ፎቶ ልካ «4ሲ፣ ወፍራምና ብዙ» ተብላለች። በየቀኑ የሺያ ቅቤ ትቀባለች፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ትታጠባለች። ፀጉሩ ሲነካ ልጥፍ ይላል፣ ውስጡ ግን ደረቅ ነው፣ ማበጠሪያው ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር የሆኑ ቁርጥራጮች ይቀራሉ። ቁርጥራጮቹ ሥራቸው ላይ ነጭ ነጥብ የላቸውም፤ ስለዚህ ፀጉሩ ከመሐል ይሰበራል እንጂ አይረግፍም።

አራቱ ፎቶዎች ሲመጡ የጥቅሉ ስፋት አናት ላይ 4፣ ግንባር ላይ 5 እስከ 6፣ ማጅራት ላይ 8 ሚሊሜትር ሆነ። አንድ ራስ ላይ 4ኤና 3ሲ አብረው አሉ ማለት ነው፤ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ጥቅሉ በየቦታው መለያየቱ የተለመደ ነው። ተጎትቶ 26 ሴንቲሜትር የሚሆነው ፀጉር ሲለቀቅ 8 ሴንቲሜትር ላይ ይቆማል። 26 ላይ 8 ሲቀነስ 18፣ 18 ለ26 ሲካፈል ወደ 69 በመቶ ይሸበሸባል። ከፊት የተነሳው ፎቶ ላይ የገዘፈውና 4ሲ ያሰኘው ይህ መሸብሸብ ነው።

የዘለላው ውፍረት በአምስት ቦታ 8፣ 5፣ 7፣ 6 እና 7 ፒክስል ነበር። አማካዩ 6.6፣ ይህም ለ133 ሲካፈል 0.05 ሚሊሜትር፣ 50 ማይክሮን መሆኑ ነው። ቀጭን ነው። የአናቱ መስመር 3 ሚሊሜትር ነው፤ ብዛቱ መካከለኛ። «ወፍራምና ብዙ» የተባለው ፀጉር ቀጭን ዘለላ ያለው፣ ቁጥሩ መካከለኛ የሆነ፣ በጥቅሉ ጥበት ገዝፎ የሚታይ ፀጉር ሆኖ ተገኘ።

የቅቤው ጉዳይም ከዚህ ይገባናል። ቀጭን ዘለላ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ለቅባት የሚጋለጠው ገጹ ሰፊ ነው፤ ያው ማንኪያ ቅቤ ወፍራም ዘለላ ላይ ስስ ሽፋን ሲሆን እዚህ ላይ ዘለላዎቹን እርስ በርስ ያጣብቃል። ውሃውን ወደ ውስጥ አያስገባም፣ በየቀኑ ሲደራረብ ደግሞ ኮንዲሽነሩም እንዳይደርስ ይከለክላል። ደረቁን ለማርጠብ ሌላ ቅቤ ይጨመርበታል፤ የተጣበቀው ሲፈታታ በጠበቡት ጥምዞች ላይ ይሰበራል።

የሰጠናት አያያዝ ይህ ነበር። በሰባት ቀን አንዴ መታጠብ። የመጀመሪያው ቀን የተከማቸውን ለማንሳት ጠለቅ አድርጎ የሚያጸዳ ሻምፖ፣ ከዚያ በኋላ ለስላሳው። 10 ሚሊሊትር ሻምፖ በ50 ሚሊሊትር ውሃ በጥብጦ ቆዳው ላይ ብቻ ማፍሰስ፤ ወደ ታች የሚወርደው አረፋ ለፀጉሩ ይበቃዋል። ፀጉሩ ስምንት ቦታ ይከፈል። የክፍሉን ቁጥር የወሰነው የጥቅሉ ጥበት እንጂ ብዛቱ አይደለም፤ ጥቅሉ 4 ሚሊሜትር የሆነ ፀጉር በሰፊው ከተያዘ መሐሉ ሳይፈታ ይቀራል። በእያንዳንዱ ክፍል 5 ሚሊሊትር ኮንዲሽነር፣ ውሃው እየተንጠባጠበ ሳለ፣ መጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር ማፍታታት። ከታጠበ በኋላ ለእያንዳንዱ ክፍል 2 ሚሊሊትር ሳይታጠብ የሚተው ቀላል ኮንዲሽነር፣ በላዩ 3 ሚሊሊትር ጄል። ዘይት ለጠቅላላው ራስ 1 ሚሊሊትር፣ እሱም መጨረሻ ላይ፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ። ቅቤ የለም። በየቀኑ መቀባትም የለም፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ውሃ ረጨት ረጨት ማድረግ ይበቃል። ማታ የሳቲን ሻሽ።

ቀጭን ዘለላ በቀላሉ ስለሚሰበር በወር አንዴ ፕሮቲን ያለው ኮንዲሽነር ጨምረናል። እዚህ ላይ ልክ ማለፉ በቀላሉ ይታወቃል፦ እርጥብ ዘለላ ሲጎተት ትንሽ ተለጥጦ መመለስ ሲገባው ሳይለጠጥ ቷ ብሎ ከተበጠሰ፣ ፀጉሩም ከደረቀ በኋላ እንደ ገለባ ከጠነከረ ፕሮቲኑ በዝቷል። በተቃራኒው እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ካልተመለሰ ይጎድለዋል።

ይኸው ጥቅልና ይኸው የአናት መስመር ኖሮ ዘለላው 90 ማይክሮን ቢሆን መልሱ ከሞላ ጎደል ይገለበጥ ነበር። ወፍራም ዘለላ ጠንካራና በቀላሉ የማይታጠፍ ስለሆነ የሚያለሰልሰው ያስፈልገዋል፦ በሳምንት አንዴ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ በሚሞቅ ኮፍያ ሥር የሚቆይ ኮንዲሽነር፣ በጄሉ ፈንታ ወፈር ያለ ክሬም፣ ከታጠበ በኋላ ለእያንዳንዱ ክፍል ከሻይ ማንኪያ ግማሽ የማይበልጥ ቅቤም ይስማማዋል። ፕሮቲን ግን እምብዛም፤ ጠንካራውን ይበልጥ ያጠነክረዋል። ጥቅሉ 12 ሚሊሜትር የሆነ ደግሞ በአራት ክፍል ይጨርሳል፣ በአራትና በአምስት ቀን ቢታጠብ ይወዳል፣ ከደረቀ በኋላ ግን ማበጠሪያ አይነካውም። የአናቱ መስመር 7 ሚሊሜትር ለሆነ ሰው የምርቱን መጠን ወደ ግማሽ ገደማ እንቀንሳለን፣ ትላልቅና ከባድ ሹሩባም አንመክርም፤ እያንዳንዱ ዘለላ የሚሸከመው ድርሻ ይበዛበታል።

ፀጉሩ ውሃ ቶሎ መጠጣት አለመጠጣቱ ከፎቶ አይታወቅም። ብርጭቆ ውሃ ላይ ዘለላ ጥሎ ሰጠመ አልሰጠመም የሚለውም ሙከራ አያስተማምንም፤ ትንሽ ቅባት ያለበት ፀጉር ምንም ቢሆን ይንሳፈፋል። ይልቅ ታጥቦ ምንም ሳይቀባ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደደረቀ መጻፍ ይሻላል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ያንኑ አራት ፎቶ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው መስኮት ማንሳት ያስፈልጋል፤ ሌንስ ከተቀየረ መስመሩ በራሱ ይሰፋል ወይም ይጠባል። መሰበሩ መቀነሱ የሚታወቀው ሲታጠብ ነጭ ፎጣ ላይ የሚቀሩትን፣ ነጭ ነጥብ የሌላቸውን አጫጭር ቁርጥራጮች በመቁጠር ነው። በዚህች ሴት አናት ላይ ቁርጥራጮቹ ቀንሰው ነበር። ማጅራቷ ላይ ግን 8 ሚሊሜትር የነበረው ጥቅል በጄሉ ክብደት ተጎትቶ ተለጥፎ ታየ። ሁለቱን የማጅራት ክፍሎች ከ3 ወደ 1 ሚሊሊትር ጄል አወረድናቸው፣ ሌላውን እንዳለ ተውነው፤ ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተቀየረ በሚቀጥለው ፎቶ ላይ የታየው ለውጥ ከየትኛው እንደመጣ አይለይም።